ደንበኛን ሳያሰለቹ ተጨማሪ ዕቃ ስለ መሸጥ

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው የቆርቆሮ ንግድ የሚደራው የመኸሩ እህል ተወቅቶ ከገባ በኋላ ነው። ገበሬው ጤፉን ወይም ስንዴውን ሸጦ ገንዘቡን ይዞ ይመጣል፤ ቤቱንም የሰኔ ዝናብ ሳይጀምር መክደን አለበት። ከሩቅ ስለሚመጣ አንድ ዕቃ ቢረሳ ተመልሶ መምጣቱ የአንድ ቀን ሥራ ያስፈታዋል። ስለዚህ ባለሱቅ ከተጠየቀው ዕቃ ሌላ ምን፣ መቼና በምን ቃል ማቅረብ እንደሚገባው ለማስረዳት ከቆርቆሮ ሽያጭ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ተጨማሪ ሽያጭ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ደንበኛው ከጠየቀው የተሻለውን ዓይነት ማሳየት ነው፤ ሁለተኛው ከገዛው ዕቃ ጋር አብሮ የሚሄደውን ማቅረብ ነው። ብዙ ባለሱቆች ሁለቱን ሳይለዩ ባመቻቸው ሰዓት ያቀርባሉ፤ ደንበኛውን የሚያስቀይመውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። የተሻለው ዓይነት መታየት ያለበት የዋጋ ክርክር ሳይጀመር ነው። ተጓዳኙ ዕቃ ደግሞ መነሣት ያለበት የዋናው ዕቃ ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ፣ ገንዘቡ ሳይቆጠር ነው። ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ «ከዚህ የሚሻል አለ» የሚል ነጋዴ፣ ገዥው ደክሞ ያገኘውን ስምምነት ያፈርስበታል። ዋጋ ሳይቆረጥ «ሚስማርስ?» የሚል ደግሞ ገዥው «ሒሳቡን አደባልቆ ሊጨምርብኝ ነው» ብሎ እንዲጠረጥር ያደርገዋል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ከአማኑኤል አካባቢ የመጡ አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን አስከትለው ገቡና 40 ቆርቆሮ ጠየቁ እንበል። ባለሱቁ ወንበር ሰጥቶ ካስቀመጣቸው በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ቤቱ ይሁን፦ «አባቴ፣ የሚከድኑት መኖሪያውን ነው ወይስ ሌላም አለ?» ሽማግሌውም 28ቱ ለመኖሪያው፣ 12ቱ ለማገዶና ለጭድ መጠለያ መሆኑን ይነግሩታል። ይህ መልስ ለሻጩ ከማናቸውም ማግባቢያ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ቁጥር ይነገራል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል። 28 ጌጅ ከ30 ይወፍራል፤ 30ም ከ32 ይወፍራል። ይህን የማያውቅ ሰው ትልቁን ቁጥር የበለጠ አድርጎ ቢገምት አይፈረድበትም። (በዚህ አለማወቅ የሚጠቀም ሻጭ ይገኛል፤ ነገር ግን ቆርቆሮውን የሚመታው አናጢ ልዩነቱን በእጁ ያውቀዋል፤ ወሬውም በሚቀጥለው የገበያ ቀን ይደርሳል።) ስለዚህ ሻጩ ሁለቱን ዓይነት ጎን ለጎን አቁሞ በእጃቸው እንዲያጥፉት ይስጣቸውና እንዲህ ይበል፦ «ይህ ወፍራሙ ነው፤ በረዶ ሲወርድና ሰው ሲወጣበት ቶሎ አይጎደጉድም። ያኛው ስስ ነው፤ ዋጋው ይቀንሳል።» ከዚህ የሚበልጥ ንግግር አያስፈልግም።

የዋጋውን ልዩነት አነጋገር ግን መጠንቀቅ ይገባል። ለምሳሌ ያህል ስሱ 700 ብር፣ ወፍራሙ 850 ብር ቢሆን፣ «ልዩነቱ 150 ብር ብቻ ነው» ማለት እውነት ቢሆንም ጎዶሎ እውነት ነው። በ40 ቆርቆሮ 6,000 ብር ይሆናልና፣ ሽማግሌው ይህን የሚያውቁት ገንዘቡን ሲቆጥሩ ከሆነ እንደ ተታለሉ ይቆጥሩታል። ሻጩ ሁለቱንም ቁጥር ራሱ ይናገር፤ ቀጥሎም «ወፍራሙን ለመኖሪያው ብቻ ያድርጉት፤ ለማገዶው ስሱ ይበቃል» ይበላቸው። ያን ጊዜ የሚጨምሩት 28 ጊዜ 150፣ ማለት 4,200 ብር ይሆናል። ሻጩ 1,800 ብር የተወ ይመስላል፤ ነገር ግን ያለዚህ ምክር ሽማግሌው አርባውንም ስስ ገዝተው መሄዳቸው የሚቀር አልነበረም። «ርካሹን ነው የሚፈልጉት?» የሚለው ቃል ግን ከአፉ አይውጣ። በልጃቸው ፊት እንዲህ የተባለ ሰው ወይ ከአቅሙ በላይ ገዝቶ ይጸጸታል፤ ወይ ተቆጥቶ ይወጣል።

ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ተጓዳኙ ዕቃ ይመጣል። «ሌላስ?» ወይም «ይህ ብቻ ነው?» ማለት ልማድ ሆኗል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው «ሌላ የለም» የሚል መልስ ይጠራል፤ ሁለተኛው የተገዛውን ያሳንሳል። ስለ ሥራው መጠየቅ ይሻላል፦ «አናጢዎ ሚስማርና ኮልሞ አዝዞዎታል?» ይህን ጊዜ ሽማግሌው ወይ «አዎን፣ ገዝቻለሁ» ይላሉ፤ ነገሩም ያልቃል። ወይም «ስንት ይበቃኛል?» ይላሉ፤ ሻጩም መልሱን በቁጥር ማወቅ አለበት። ለአንድ ቆርቆሮ 8 ሚስማር ቢታሰብ ለ40ው 320 ይሆናል፤ የሚጣመመውን ጨምሮ 350 ቢይዙ ይበቃል። ሚስማሩ ባለ ላስቲክ ይሁን፤ የሚመታውም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። የመኖሪያው 28 ቆርቆሮ በሁለት ወገን አሥራ አራት አሥራ አራት ሆኖ ሲደራረብ፣ አንዱ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሸፍን፣ የጣሪያው ርዝመት 9 ሜትር ግድም ነው። ባለ 2 ሜትር ኮልሞ በ15 ሳንቲ ሜትር እየተደራረበ ሲመታ 5 ያስፈልጋል። «አምስት ይበቃዎታል፤ ስድስተኛውን አይግዙ» ያለ ሻጭ ስለ ሚስማሩ የተናገረውም ይታመንለታል።

ቤቱ ያለ ሚስማርና ያለ ኮልሞ አያልቅም፤ ስለዚህ ሁለቱን ማንሣት ማሳሰብ ነው እንጂ መጎትጎት አይባልም። አሸንዳና የውሃ በርሜል ግን ሌላ ናቸው፤ ቢኖሩ ይጠቅማሉ፤ ባይኖሩም ቤቱ ይከደናል። እነዚህን በዚያው ቀን መደርደር ይቅር። «ውሃ ለማጠራቀም ሲያስቡ አሸንዳ አለን» ብሎ አንድ ጊዜ መናገር ይበቃል። የሽማግሌው ገንዘብ የማዳበሪያ ዋጋም ይጠብቀው ይሆናል።

ማቆሚያው ሰዓት በምልክት ይታወቃል። ገዥው ወደ በሩ ሲመለከት፣ ከልጁ ጋር በሹክሹክታ ሲነጋገር፣ የቀረውን ገንዘብ አጥፎ ወደ ኪሱ ሲመልስ ወይም ክፍያውን በቴሌብር ልኮ ስልኩን ሲያኖር ጨዋታው አልቋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዕቃውን መጫንና መሸኘት ነው። አንድ ጊዜ «አልፈልግም» ያለን ሰው በሌላ ቃል መልሶ መጠየቅም አይገባም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ዕቃውን አማርጦ ወይም በዋጋ ተከራክሮ በመገኘቱ ብቻ ለመግዛት እንደማይገደድ ደንግጓል። ገበያተኛው አዋጁን ባያነብም ይህን መብቱን ያውቃል፤ ሲያስጨንቁት ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል።

በትናንሽ ሱቆች የሚታየው የማስቲካ ነገርም እዚህ ላይ ይነሣል። ዝርዝር ሳንቲም የለም እየተባለ በመልስ ፋንታ ማስቲካ ወይም ከረሜላ ይሰጣል። ይህ ጥያቄ የሌለበት፣ ያለ ፈቃድ የሚደረግ ሽያጭ ነው። ጠዋት ዝርዝር አዘጋጅቶ መክፈት ከዚህ ይሻላል።

ሥራው የተሳካ መሆኑን ለማወቅ የዕለቱን ገቢ ብቻ ማየት ያሳስታል፤ በተለይ ረዳቱ በሸጠው መጠን ጉርሻ የሚያገኝ ከሆነ፣ ያለ ፍላጎት የተሸጠ ዕቃ ገቢውን ለጊዜው ያሳድገዋልና። በአንድ ደብተር ላይ ሁለት ነገር ይመዝገብ፦ ሚስማር ወይም ኮልሞ ጎድሎበት የተመለሰ ደንበኛ ስንት ነው፤ የተረፈ ዕቃ ሊመልስ የመጣስ ስንት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ከበዛ ሻጩ ማሳሰብ ረስቷል፤ ሁለተኛው ከበዛ ከልክ በላይ አስገዝቷል።