የአባባ ሳጥን እንዴት ከሻጋታ ጸዳ?

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ስለ ሻጋታ እጽፍላችኋለሁ። ከመጽሐፍ ሳይሆን እቤታችን ከሠራሁት ነው።

ወንድ አያቴ፣ አባባ የምንላቸው፣ ያረፉት ባለፈው ሚያዝያ ነው። የፎቶ ሳጥናቸው ከዋንዛ እንጨት የተሠራ ሲሆን፣ ክረምቱን ሙሉ አልጋ ሥር መሬት ላይ ነበር። የቂሊንጦን ዋልካ አፈር ታውቁታላችሁ፣ ዝናብ ከጠጣ ቶሎ አይለቅም። እርጥበቱ በወለሉ በኩል ወደ ሳጥኑ ገባ። መስከረም ላይ ስንከፍተው ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ክዳኑ ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል፣ ፎቶዎቹም ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተነስንሷል።

አጎቴ ወዲያው እርጥብ ጨርቅ አመጣ። የሳይንስ መምህራችን ግን አስቀድመው ነግረውኝ ስለነበር «አጎቴ፣ ቆይ! በውሃ አይነካም» አልኩት። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስሉ ያለው ጀላቲን በሚባል ስስ ሽፋን ውስጥ ነው። ጀላቲን የሚሠራው ከከብት ቆዳና አጥንት ነው፤ ስለዚህ ለሻጋታ ምግብ ነው። ሻጋታ የበላው ጀላቲን ደግሞ ይደክማል፤ ውሃ ሲነካው ይሟሟል። እርጥብ ጨርቅ ብናሳልፍበት ሻጋታውን ብቻ ሳይሆን የሰውየውንም ፊት ጠርገን እንወስድ ነበር።

መጀመሪያ ሻጋታው እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ የሚለውን ማወቅ ያስፈልጋል። በአንዱ ፎቶ ጠርዝ ላይ የብሩሽ ጫፍ በቀስታ አስነካሁ። ተለጠፈ፣ ተቀባ። ይሄ ማለት ገና እርጥብ ነው፣ አይጠረግም። ስለዚህ 43ቱን ፎቶዎች ከበረንዳው ጥላ ሥር በነጭ አንሶላ ላይ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጌ ዘረጋኋቸው። ፀሐይ ላይ አላደረግኋቸውም፤ ፀሐይ ያጣምማቸዋል፣ ያደበዝዛቸዋልም። ማታ ማታ ጤዛ እንዳይነካቸው አስገባቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ብሩሹን ሳስነካ ዱቄቱ ብን ብሎ ተነሳ። አሁን ደርቋል ማለት ነው።

ከዚያ ማስክና ጓንት አድርጌ ደጅ ወጣሁ፤ ነፋሱን በጀርባዬ አድርጌ ቆምኩ። የሻጋታ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ይገባል። አስም ያለባት እህቴ እንድትቀርብ አልፈቀድንላትም። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ከፎቶው መሐል ወደ ጠርዝ፣ ሳልጫን፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጠረግኩ። በአፍ እፍ ማለት አይቻልም፤ ምራቅም እርጥበት ነው። ዱቄቱ ሄደ። አንዳንዱ ላይ ግን ቡናማ ነጠብጣብ ቀረ። እሱ ሻጋታው የበላበት ቦታ ስለሆነ አይለቅም፣ እኔም አልፈገፈግኩትም።

ሳጥኑ ግን እንጨት ነው፤ ጠንከር ያለ ነገር ይችላል። ውስጡ የተለጠፈውን አሮጌ ጋዜጣ አንስቼ በፌስታል አስሬ ጣልኩ፣ እርጥበቱን ያቆየው እሱ ነበርና። ከዚያ 70 በመቶ አልኮል በጨርቅ ትንሽ አርሼ፣ መጀመሪያ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ከታች በኩል ሞክሬ፣ ውስጡን ወለወልኩት። አጎቴ በረኪና ይሻላል ብሎ ነበር። በረኪና ግን አብዛኛው ውሃ ነው፤ እንጨቱን መልሶ ያረጥበዋል። ክዳኑን ከፍቼ ሳምንት ሙሉ አናፈስኩት። ሻጋታው እንጨቱ ውስጥ ጨርሶ አልጠፋም ይሆናል፤ እርጥበት ካገኘ ተመልሶ ይበቅላል። ለዚህ ነው ሳጥኑ አሁን ቁም ሳጥን ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቆ የተቀመጠው። ፎቶዎቹም በፌስታል ሳይሆን በንጹሕ ነጭ ወረቀት ተለያይተዋል። በየወሩ ከፍቼ አሸትተዋለሁ።

ከ43ቱ ሁለቱ ፊት ለፊት ተጣብቀዋል። አንዱ የአባባ ታናሽ ወንድም ብቸኛ ፎቶ ነው፤ በልጅነታቸው ነው የሞቱት። አጎቴ በእንፋሎት እናላቅቀው አለ። እንፋሎትም ውሃ ነው፤ በግድ ቢላቀቅ ደግሞ የአንዱ ፊት ከሌላው ጋር ተገንጥሎ ይሄዳል። እማማ፣ ማለትም ሴት አያቴ፣ «በቃ እንዳለ ይቀመጥ፣ የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ» አሉ። ሁለቱን በአንድ የወረቀት ፖስታ ውስጥ አስቀመጥኩ።

በሌሎቹ ጀርባ ላይ እማማ ስም እየነገሩኝ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳልጫን፣ ጠርዙ ላይ ጻፍኩ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል። የተጣበቀው ላይ ስንደርስ «እሱን ሳላየውም አውቀዋለሁ» አሉ። ባዶ እግሩን፣ የአባባን ትልቅ ኮት ለብሶ፣ እጅጌው ጣቶቹን ሸፍኖት ነው የተነሳው አሉኝ። እሱንም ፖስታው ላይ ጻፍኩት።