ስንብት፣ ማስጠንቀቂያና ይቅርታ፦ የአንድ መሐንዲስ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ወደ መደበኛ የንግድ እንግሊዝኛ ሲመለስ

መግቢያ

በኢትዮጵያ በሚሠሩ የውጭ ሀገር ተቋራጮች ዘንድ የሠራተኛ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ በአማርኛ ይጻፋል፤ ውሳኔ የሚሰጠው ኃላፊ ግን የሚያነበው የእንግሊዝኛውን ትርጉም ነው። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ደግሞ መረጃ ከማስተላለፍ ያለፈ ተግባር አለው፤ ደብዳቤው ራሱ አንድን ውል የማቋረጥ ድርጊት ነው። ጆን ኦስቲን «ድርጊት ፈጻሚ ንግግር» ብሎ ከለየው ክፍል ይመደባል። ይህ ጽሑፍ አማርኛው ድርጊቱን በልመና መልክ ሲያቀርበው፣ እንግሊዝኛው ደግሞ በግልጽ ማሳወቅን ሲጠብቅ፣ ተርጓሚው የቱን እንደሚያስቀድም ይመረምራል።

የናሙናው ደብዳቤ

ለትንተናው የተዘጋጀው ናሙና ጥቅምት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. የተጻፈ ሲሆን፣ ዋናው ክፍሉ እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ ከሥራ ለመሰናበት ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በድርጅቱ የመንገድ ሥራ ፕሮጀክት ላለፉት ስድስት ዓመታት በሳይት መሐንዲስነት ሳገለግል ቆይቻለሁ። አሁን ግን ባጋጠመኝ የግል ጉዳይ ምክንያት ሥራዬን መቀጠል ስላልቻልኩ፣ የአንድ ወር ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ በመስጠት ከኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከሥራ እንድሰናበት እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በቆይታዬ ላጠፋሁት ጥፋት ሁሉ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃና ቀሪ ክፍያዎቼ እንዲሰጡኝ አመለክታለሁ።»

ለአማርኛ አንባቢ ደብዳቤው ግልጽና ጨዋ ነው። ቃል በቃል የተመለሰ እንደሆነ ግን የእንግሊዝኛው አንባቢ ሌላ ሰነድ ያነባል፤ እንዲባረር ፈቃድ የሚለምን፣ ድርጅቱን የሚያስጠነቅቅና ጥፋቱን የሚያምን ሠራተኛ ይታየዋል።

ሁለቱ አሳሳች ቃላት

«መሰናበት» በአማርኛ በፈቃድ ለሚሄደውም በአሠሪው ለሚባረረውም ያገለግላል። እንግሊዝኛው ግን ሁለቱን ይለያል፤ በራሱ ፈቃድ የሚለቀው «ሪዛይን» ሲያደርግ፣ የሚባረረው «ዲስሚስ» ይደረጋል። ናሙናው «እንድሰናበት» የሚለውን ተደራጊ ግስ መጠቀሙ ተርጓሚውን ወደ ሁለተኛው ይገፋዋል። ልዩነቱ በገንዘብም ይገለጻል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ቢያንስ 5 ዓመት ያገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ ውሉን በራሱ አነሳሽነት ሲያቋርጥ የስንብት ክፍያ ይገባዋል። የናሙናው መሐንዲስ ስድስት ዓመት አገልግሏል፤ ስለዚህ ውሉን ያቋረጠው ማን እንደሆነ በትርጉሙ ውስጥ ሊደበዝዝ አይገባም።

«ማስጠንቀቂያ»ም እንዲሁ ነው። በዲሲፕሊን ጉዳይ የሚሰጠው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና ውል ከመቋረጡ በፊት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ በአማርኛ አንድ ቃል ሲጋሩ፣ በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው «ዎርኒንግ»፣ ሁለተኛው «ኖቲስ» ነው። አዋጁ በአንቀጽ 31 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል፤ የናሙናው ቃልም የሚያመለክተው ይህንኑ ነው።

ከልመና ወደ ማሳወቅ

«እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» የሚለው ሐረግ የአማርኛ ማመልከቻ የተለመደ መዝጊያ ነው። በእንግሊዝኛ ጥያቄ ሆኖ ከቀረበ ግን ኃላፊው ሊቀበለውም ሊከለክለውም የሚችል ማመልከቻ ይሆናል። በሕጉ መሠረት መሐንዲሱ የሚያስፈልገው ማሳወቅ እንጂ ፈቃድ አይደለም። ስለዚህ የእንግሊዝኛው ዋና ዓረፍተ ነገር፣ ወደ አማርኛ መልሶ ሲታይ፣ «በዚህ ደብዳቤ ከሳይት መሐንዲስነት ሥራዬ ከኖቬምበር 15 ቀን 2023 ጀምሮ በራሴ ፈቃድ መልቀቄን አሳውቃለሁ» የሚል ይዘት ሊኖረው ይገባል። ትሕትናው አይጠፋም፤ ቦታውን ይለውጣል። የእንግሊዝኛ የንግድ ደብዳቤ ጨዋነቱን የሚያሳየው ለተሰጠ የሥራ ዕድል በማመስገንና ሥራን በሥርዓት ለማስረከብ ፈቃደኝነትን በመግለጽ ነው። ይሁን እንጂ ተርጓሚው ጸሐፊው ያልገባውን የርክክብ ግዴታ በራሱ ሥልጣን አይጨምርም፤ ምስጋናውንም ቢሆን በጸሐፊው ፈቃድ ብቻ ያስገባል።

ይህ ለውጥ ገደብ አለው። ናሙናው ማሳወቅ መሆኑን የሚያረጋግጡ ሦስት ምልክቶች ይዟል፤ የመልቀቂያው ቀን ተቆርጧል፣ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ተጠቅሷል፣ ቀሪ ክፍያም ተጠይቋል። እነዚህ የሌሉበት ደብዳቤ፣ ለምሳሌ «ሁኔታዬ ታይቶ ብሰናበት እመርጣለሁ» ብቻ የሚል፣ በእርግጥም ገና ውሳኔ ያልሆነ ልመና ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ተርጓሚው ጸሐፊውን መጠየቅ አለበት፤ በራሱ ግምት ልመናውን ወደ መልቀቂያ ከለወጠ ሰውን ከሥራው አስለቅቋል።

አንድ ወር ስንት ቀን ነው?

ከጥቅምት 5 እስከ ኅዳር 4 መነሻውና መድረሻው ተቆጥረው 30 ቀን ነው፤ ከጳጉሜን በቀር የኢትዮጵያ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ «አንድ ወር» እና «30 ቀን» በአማርኛው አይጋጩም። በእንግሊዝኛው ግን ኦክቶበር 31 ቀን አለው። ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን ኦክቶበር 16 ስለሆነ «አንድ ወር» ተብሎ ከተተረጎመ ወደ ኖቬምበር 16 ያመራል፤ ደብዳቤው ግን የሚለው ኖቬምበር 15 ነው። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ቀኖች ይጋጫሉ። ስለዚህ «30 ቀን» ብሎ መተርጎም ይበልጣል።

ቀን ሲቀየርም ሌላ ስሕተት ይደበቃል። የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። ተርጓሚው በተለመደው ሴፕቴምበር 11 ካሰላ ኅዳር 5ን ኖቬምበር 14 ያደርገዋል። የደብዳቤው ቀን ትክክል ሆኖ ይህኛው ብቻ ከተሳሳተ፣ የማስጠንቀቂያው ጊዜ በእንግሊዝኛው 29 ቀን ሆኖ ይታያል፤ ሕጉን ያከበረው ሠራተኛም ያላከበረ ይመስላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የሳምንቱን ዕለት ማነጻጸር። ጥቅምት 5 ሰኞ፣ ኅዳር 5 ደግሞ ረቡዕ ነበር።

ያልተፈጸመ ጥፋት

«ላጠፋሁት ጥፋት ሁሉ ይቅርታ» የሚለው የስንብት ወግ ነው፤ በአማርኛ ማንም እንደ እምነት ቃል አይወስደውም። የሳይት መሐንዲስ ግን የኮንክሪት ሙሌት፣ የአፈር ጥግጋትና የልኬት ሰነዶችን የፈረመ ሰው ነው። በኋላ የጥራት ክርክር ቢነሳ «ጥፋት» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ በቀጥታ መቀመጡ የሙያ ስሕተቱን በጽሑፍ እንዳመነ ሊያስቆጥርበት ይችላል። ሐረጉ የሚፈጽመው ተግባር በመልካም መለያየት ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ ለአብሮ ሠራተኞቹና ለድርጅቱ መልካም ምኞት በመግለጽ ይተካል።

ማጠቃለያ

ክሪስቲያነ ኖርድ ሰነዳዊና መሣሪያዊ ትርጉምን ትለያለች። ከላይ የቀረቡት ለውጦች የሚሠሩት ትርጉሙ መሣሪያዊ ሲሆን፣ ማለትም እንግሊዝኛው ራሱ ደብዳቤ ሆኖ ለኃላፊው ሲቀርብና ጸሐፊው አንብቦ ሲፈርምበት ነው። ያው ደብዳቤ በክርክር ማስረጃ ሆኖ ሲተረጎም ግን ሥራው ሰነዳዊ ይሆናል፤ ልመናውም ይቅርታውም እንዳሉ ይመለሳሉ፣ የወግ አነጋገር መሆናቸውም በተርጓሚ ማስታወሻ ይገለጻል። በሁለቱም ሁኔታ ግን «መሰናበት» መባረር፣ «ማስጠንቀቂያ»ም ተግሣጽ አይሆንም፤ እነዚህ የአቀራረብ ምርጫ ሳይሆኑ የትርጉም ስሕተት ናቸው። ተርጓሚው የመጀመሪያውን ቃል ከመጻፉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባውም ይህንኑ ነው፦ እንግሊዝኛው ውሉን ያቋርጣል ወይስ ውሉ እንዴት እንደተቋረጠ ይመሰክራል?