የውሻ አድሬናል ሆርሞን እጥረት፦ የአንጀት በሽታ የሚመስል ሌላ በሽታ

ቤትዎን የሚጠብቀው ውሻ ያስመልሳል፣ ያስቀምጠዋል፣ ምግብ አይቀምስም። የትል መድኃኒት ሰጥተውት ወደ ክሊኒክ ይወስዱታል። በደም ሥሩ ፈሳሽ ተሰጥቶትና መርፌ ተወግቶ በሁለት ቀን ይነሳል። ከወር በኋላ ግን ያው ሕመም ይመለሳል። እንዲህ እየተሻለው የሚመለስ ሕመም ሲያዩ፣ በሽታው ከአንጀት ውጭ ሊሆን እንደሚችል ይጠርጥሩ።

1. በሽታው ምንድን ነው?

ከሁለቱ ኩላሊቶች አጠገብ አድሬናል የሚባሉ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። እነዚህ ዕጢዎች ኮርቲሶልና አልዶስተሮን የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫሉ። ኮርቲሶል የአንጀትን ግድግዳ ጤና፣ የምግብ ፍላጎትንና ጭንቀትን የመቋቋም አቅም ይጠብቃል። አልዶስተሮን ደግሞ ጨው በሽንት እንዳይባክን ያደርጋል። ብዙውን ጊዜ የሰውነቱ የራሱ መከላከያ ዕጢዎቹን ሲያጠቃ ሆርሞኖቹ ያንሳሉ። በሽታው በወጣትና በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ባሉ ውሾች፣ በተለይም በሴቶቹ ላይ ይበዛል።

2. ለምን የአንጀት በሽታ ይመስላል?

ኮርቲሶል ሲያንስ አንጀት ይታመማል፤ ትውከትና ተቅማጥ ይመጣል። ጨው ሲባክን ደግሞ ውሻው ይደርቃል፣ ይዝላል።

ይበልጥ የሚያሳስተው ግን የሚድንበት መንገድ ነው። በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ፈሳሽ የባከነውን ጨው ይተካል። መርፌው ዴክሳሜታዞን ከሆነ ደግሞ የኮርቲሶልን ሥራ ለጥቂት ቀናት ይሠራል። ስለዚህ "የሆድ ሕመሙ ዳነ" ተብሎ ይታለፋል፤ ዕጢው ግን አልዳነም። ቀጥሎ ጉዞ፣ ውሾች መጣላት ወይም የእንግዳ ግርግር ሲያጋጥም ሕመሙ ይነሳል።

በደም ምርመራ ሶዲየም ቀንሶ ፖታሲየም ከጨመረ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሆኖም ከባድ የአንጀት ትልም ይህንኑ ሊያመጣ ስለሚችል ሰገራው አብሮ ይመርመር። ኮርቲሶል ብቻ በጎደለባቸው ውሾች ደግሞ ሶዲየምና ፖታሲየም ጤናማ ሆነው ይገኛሉ።

3. የመጀመሪያው ማጣሪያ

አንድ ጊዜ ደም ተቀድቶ የኮርቲሶል መጠን ይለካል። ውጤቱ ከ2 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በላይ ከሆነ በሽታው የለም ማለት ይቻላል፤ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። ላቦራቶሪው በናኖሞል በሊትር ከጻፈው ይኸው ወሰን 55 ነው።

ውጤቱ ከ2 በታች ሲሆን ግን በሽታው ተረጋገጠ ማለት አይደለም። የጤነኛ ውሻ ኮርቲሶልም በአንዳንድ ሰዓት ዝቅ ይላል። ይህ ማጣሪያ በሽታው የሌለበትን ይለያል እንጂ ያለበትን አያረጋግጥም።

4. ማረጋገጫው

ኤሲቲኤች ከአንጎል ሥር የሚመጣና አድሬናልን "አምርት" ብሎ የሚያዝ ሆርሞን ነው። ሐኪሙ ደም ከቀዳ በኋላ በፋብሪካ የተሠራውን ኤሲቲኤች በኪሎ 5 ማይክሮግራም ሒሳብ በደም ሥር ይወጋል፤ ከ1 ሰዓት በኋላም ሁለተኛ ደም ይቀዳል። ጤነኛ ዕጢ በዚህ ትእዛዝ ኮርቲሶሉን በብዙ እጥፍ ይጨምራል። የታመመው እምብዛም አይጨምርም።

ምሳሌ፦ የ4 ዓመት ሴት ውሻ በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ታመመች እንበል። ክብደቷ ከ20 ኪሎ ወደ 17 ወርዷል። በሦስተኛው ጊዜ ሐኪሙ መርፌ ከመውጋቱ በፊት ደም ቀዳ፤ ኮርቲሶሏ 0.6 ሆነ። ለ17 ኪሎ 85 ማይክሮግራም ኤሲቲኤች ተወጋች። ከ1 ሰዓት በኋላ ውጤቱ 0.7 ነበር። ሁለቱም ከ2 በታች ስለሆኑ በሽታው ተረጋገጠ። ሁለተኛው ውጤት 11 ቢሆን ኖሮ ዕጢዋ ደህና ነው ተብሎ ወደ አንጀት ምርመራ ይመለሱ ነበር።

5. ምርመራውን የሚያበላሸው

ፕሬድኒሶሎን በላቦራቶሪ እንደ ኮርቲሶል ሊቆጠርና የታመመውን ጤነኛ ሊያስመስል ይችላል። እንዲህ ያለ መድኃኒት ለቀናት ወይም ለሳምንታት ከተወሰደ ደግሞ ጤነኛውን ዕጢ አስተኝቶ የታመመ ያስመስለዋል። ስለዚህ ከዚህ በፊት የተሰጠውን መርፌ፣ ክኒን ወይም የቆዳና የጆሮ ቅባት ከነቀኑ ለሐኪሙ ይንገሩ። ውሻው ከወደቀ፣ ድዱ ከነጣ ወይም የልብ ምቱ ከዘገየ ሕክምናው ውጤት አይጠብቅም፤ ደሙ ይቀዳና ፈሳሹ ወዲያው ይጀመራል። የጨው ፈሳሹ ምርመራውን አያበላሽም።

6. ከተረጋገጠ በኋላ

ሕክምናው ዕድሜ ልክ ነው። ሐኪሙ በየቀኑ ጥቂት ፕሬድኒሶሎን ያዝዛል፤ ጨው ለሚባክንበት ውሻ ደግሞ ፍሉድሮኮርቲሶን ይጨምራል። ውሻው ስለተሻለው ክኒኑን አያቋርጡ፤ የተሻለው በክኒኑ ነው። ጉዞ ወይም ግርግር ያለበት ቀን ሲመጣ መጠኑ መጨመር እንዳለበት አስቀድመው ሐኪሙን ይጠይቁ።

የመወያያ ጥያቄ፦ የውሻ ኮርቲሶል 1.4 ሆኖ ቢገኝ በሽታው ተረጋግጧል ማለት ይቻላል? ለምን?