ቀጠሮን ለተቀባዩ ስለ ማቅለል፦ የተወሰነ ሰዓትና አጭር አጀንዳ

በሀገራችን ልማድ፣ ከታላቅ ሰው ዘንድ ጉዳይ ያለው ሁሉ ቀኑንና ሰዓቱን የመወሰኑን ነገር ለባለ ጉዳዩ ሳይሆን ለባለ ሥልጣኑ መተው ከአክብሮት ይቈጠርለታል፤ «በተመቸዎት ጊዜ እመጣለሁ» ብሎ መጻፍም ትሕትና እንጂ ስንፍና ተብሎ አያውቅም። ነገር ግን ይህ መልካም ልማድ በአሜሪካ የሥራ ደብዳቤ ውስጥ እንዳለ ሲገባ፣ ተቀባዩን ያከበረ መስሎ ያደክመዋል፤ ምክንያቱም ያ ሰው «በተመቸዎት ጊዜ» የሚለውን ቃል ካነበበ በኋላ የቀን መቍጠሪያውን ከፍቶ ክፍት ሰዓት መፈለግ፣ ንግግሩ ሩብ ሰዓት ይፍጅ ወይም ሙሉ ሰዓት በግምት መመደብ፣ የተጠራበትን ጉዳይ መገመት፣ ከዚያም መልስ ጽፎ የሌላውን መልስ መጠበቅ አለበትና ነው። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ሰው በክፋት እምቢ አይለውም፤ ለነገ ያቆየዋል፣ ነገም ሌላ ሥራ ይደርብበታል። ስለዚህ ቀጠሮ ጠያቂው ሊጠብቀው የሚገባው ሕግ አንድ ነው፤ ይኸውም ተቀባዩ «ረቡዕ ይሁን» ብቻ ብሎ ጉዳዩን ሊዘጋው በሚችል መልክ መጻፍ ነው።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ፣ አንዲት በአዲስ አበባ በፋርማሲ ባለሙያነት ያገለገለች እኅታችን ወደ ሜሪላንድ መጥታ በሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጣለች እንበል። በውጭ ሀገር የተማረ ፋርማሲስት በአሜሪካ ፈቃድ ለማግኘት በመጀመሪያ የትምህርት ማስረጃውን አስመርምሮ፣ የመመዘኛውንና የእንግሊዝኛውን ፈተና አልፎ፣ ኤፍ ፒ ጂ ኢ ሲ የተባለውን የምስክር ወረቀት መቀበል ይኖርበታል፤ ቀጥሎም በፈቃድ ባለው ፋርማሲስት ሥር የልምምድ ሰዓት መሙላት ይጠበቅበታል፤ የሰዓቱ ልክ ግን እንደ ግዛቱ ይለያያል። እኅታችን የምስክር ወረቀቱን ይዛለች፤ አሁን የሚያስፈልጋት የልምምድ ቦታ ነው፤ ስለዚህም በሰፈሯ ያለውን የአንድ ፋርማሲ ኃላፊ ማነጋገር ትፈልጋለች።

ቀንና ሰዓት ስለ መምረጥ

ሰዓት ከመጻፍ አስቀድሞ የተቀባዩን የሥራ ቀን ጠባይ ማወቅ ይገባል። በሰፈር ፋርማሲ ሰኞ ከሁሉ የከበደ ቀን ነው፤ በቅዳሜና እሑድ የተጠራቀመው የመድኃኒት ማዘዣ በዚያ ቀን ይወርዳልና። ብዙ ፋርማሲዎች ለምሳ ግማሽ ሰዓት ያህል ይዘጋሉ፤ ልክ በከፈቱበት ጊዜም ሰልፍ ይጠብቃቸዋል፤ ሰው ከሥራ ሲወጣ ደግሞ እንደገና ይጨናነቃሉ። እንግዲህ የሚቀረው ምቹ ጊዜ የማክሰኞ፣ የረቡዕና የሐሙስ ረፋድ፣ እንዲሁም ከምሳ በኋላ ሰልፉ ከቀለለ ወዲህ ያለው ጥቂት ሰዓት ነው። ይህን ሳያጤን «ሰኞ ከቀኑ በ11 ሰዓት» ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ የተቀባዩን ሥራ እንደማያውቅ በራሱ ደብዳቤ መስክሯል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓቶችን መምረጥ ይበቃል። አንድ ብቻ ማቅረብ ትእዛዝ ይመስላል፤ ስድስትና ሰባት መደርደር ደግሞ የመምረጡን ድካም መልሶ ለተቀባዩ ያሸክመዋል። ሦስቱም በተለያየ ቀን፣ ቢያንስ አንዱም በሌላ የቀን ክፍል ቢሆን ይመረጣል፤ ማክሰኞ ጠዋት የማይችል ሰው ሐሙስም ጠዋት አይችል ይሆናልና። የመጀመሪያው ሰዓት ደብዳቤው ከተላከበት ቀን አንድ ሳምንት ያህል ቢርቅ መልካም ነው፤ የነገ ቀጠሮ ያስጨንቃል፣ የወር ቀጠሮ ይረሳል። ጠያቂዋም ሰዓቶቹን እስከ ተወሰነ ቀን ለዚሁ ጉዳይ ጠብቃ እንደምታቆይ ትጻፍ፤ በእውነትም ትጠብቃቸው፤ የሰጠችውን ሰዓት ተቀባዩ ሲመርጥ «ይቅርታ፣ ተይዟል» ማለት ከመጀመሪያው ካለመጠየቅ የከፋ ነው።

በዚህ ስፍራ ለእኛ ብቻ የተለየ አንድ ወጥመድ አለ። በልጅነታችን የተማርነው የሰዓት አቈጣጠር ከፀሐይ መውጣት ስለሚጀምር፣ በልባችን «ዘጠኝ ሰዓት» ያልነው ከቀትር በኋላ ያለው ሰዓት በባሕር ማዶው አጻጻፍ 3:00 PM ነው። የቸኰለ ሰው ግን ልቡ ያሰበውን ቍጥር እንዳለ 9:00 ብሎ ይጽፈዋል፤ ተቀባዩም ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጠብቆት ይሄዳል፣ እርሱ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ በእኛ የቀን አቈጣጠር ከ1 እስከ 6 ያለውን ሰዓት 6 መደመር፣ ከ7 እስከ 12 ያለውን ደግሞ 6 መቀነስ፣ ከዚያም AM ወይም PM የሚለውን ከቶ አለመተው ነው። ቀኑንም በቍጥር ብቻ አለመጻፍ ይበጃል፤ 10/11 የሚለውን አሜሪካዊው ኦክቶበር 11 ብሎ ሲያነበው፣ በአውሮፓ ያለው ኖቬምበር 10 ብሎ ያነበዋል። የዕለቱ ስም፣ የወሩ ስምና ቀኑ ሦስቱም አብረው ሲጻፉ አንዱ ሌላውን ይጠብቀዋል፤ ዕለቱና ቀኑ ካልተስማሙ ተቀባዩ ስሕተቱን ወዲያው አይቶ ይጠይቃል።

አጀንዳውን ስለ ማሳጠር

ሰዓቱ የተቀባዩን እጅ ሲያቀል፣ አጀንዳው ሥጋቱን ያቀልለታል። ሥራ የበዛበት ሰው የሚፈራው ሃያ ደቂቃ መስጠትን አይደለም፤ ሃያ ደቂቃ ተብሎ ተጀምሮ ሰዓት የሚፈጀውን፣ ወይም «ላማክርዎ ነበር» ተብሎ ተጀምሮ በመጨረሻ ሊሰጠው የማይችለውን ነገር የሚጠየቅበትን ንግግር ነው። ስለዚህ አጀንዳው የንግግሩን ወሰን አስቀድሞ የሚያሳይ ሦስት ነጥብ ይሁን፤ እያንዳንዱም በአንድ መስመር የሚያልቅ ይሁን።

ነጥቦቹን ለመምረጥ የሚረዳው መለኪያ፣ ጥያቄውን ሊመልስ የሚችለው ይህ ሰው ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለ ብሎ ራስን መጠየቅ ነው። «በአሜሪካ የፋርማሲ ፈቃድ እንዴት ይገኛል?» የሚለው ጥያቄ በግዛቱ የፋርማሲ ቦርድ መመሪያ ተጽፎ ይገኛል፤ እርሱን ለኃላፊው ማቅረብ ሳያነቡ መምጣትን ይገልጣል። «እርስዎ ተለማማጅ የሚቀበሉት በየትኛው ወቅት ነው?» የሚለውን ግን ከእርሱ በቀር የሚያውቀው የለም። ደግሞም «ሥራ ይስጡኝ» የሚለውን ልመና በአጀንዳ ሸፍኖ ማምጣት አይገባም፤ የልምምድ ቦታ ፍለጋ ከሆነ የተመጣው፣ በግልጥ ይባል፤ ተቀባዩ ቦታ ባይኖረውም ወደ ሌላ ሰው ሊመራት የሚችለው ጉዳዩን ሲያውቀው ነውና።

ደብዳቤው

እኅታችን ሰኞ ኦክቶበር 6 የምትልከው የኢሜይል መልእክት በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ሐሳቡ በአማርኛ ሲቀመጥ ግን ይህን ይመስላል። በርእሱ መስመር፦ «ስለ ተለማማጅነት የ20 ደቂቃ ንግግር፣ ኦክቶበር 14፣ 15 ወይም 16»። ከዚያም፦

«ክቡር ዶክተር፣ በአዲስ አበባ በፋርማሲ ባለሙያነት ያገለገልሁ፣ የኤፍ ፒ ጂ ኢ ሲ የምስክር ወረቀት የተቀበልሁ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ነኝ። የልምምድ ሰዓቴን የምሞላበት ቦታ እየፈለግሁ ስለ ሆነ፣ በፋርማሲዎ ተገኝቼ ወይም በስልክ ለ20 ደቂቃ ላነጋግርዎ እወድ ነበር። ልጠይቅዎ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ አንደኛ፣ ተለማማጅ የሚቀበሉበትን ወቅት፤ ሁለተኛ፣ ከተለማማጅ በመጀመሪያው ወር የሚጠብቁትን፤ ሦስተኛ፣ ቦታ ባይኖርዎ ማንን ብጠይቅ እንደሚሻል። ማክሰኞ ኦክቶበር 14 በ10:00 AM፣ ረቡዕ ኦክቶበር 15 በ3:00 PM፣ ወይም ሐሙስ ኦክቶበር 16 በ11:00 AM መምጣት እችላለሁ፤ እነዚህንም እስከ ዓርብ ኦክቶበር 10 ጠብቄ አቆያቸዋለሁ። ከሦስቱ አንዱን ቢጠቅሱልኝ ይበቃል። አንዳቸውም ባይመችዎ ሦስቱን ጥያቄ በጽሑፍ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ረጅም ሰላምታና የሕይወት ታሪክ አለመኖሩ ንቀት አይደለም፤ ለእኛ ጆሮ ቢደርቅም ተቀባዩ በስልኩ ላይ በአንድ ዕይታ ያነበዋል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ለእምቢታ ክብር ያለው በር ይከፍታል፤ ሊገናኝ የማይችል ሰው ዝም ከማለት ይልቅ «በጽሑፍ ላኪልኝ» ማለት ይቀልለዋል።

መልስ ሲመጣና ሲዘገይ

«ረቡዕ ይሁን» የሚል መልስ እንደ ደረሰ፣ በዚያው ቀን የቀን መቍጠሪያ ግብዣ መላክ ይገባል፤ በግብዣውም ውስጥ የመገናኛው ስፍራ ወይም የስልክ ቍጥሩ፣ ከበታቹም ያው ሦስት ነጥብ ይግባ። ግብዣው በተቀባዩ መሣሪያ ላይ በራሱ ሀገር ሰዓት ስለሚታይ፣ የሰዓት ስሕተትም ካለ ቀጠሮው ሳይደርስ ይገለጣል። የተቀሩት ሁለት ሰዓቶች ያኔ ይለቀቁ።

እስከ ዓርብ መልስ ካልመጣ፣ በተከታዩ ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ማስታወስ ተገቢ ነው። ብዙዎች በዚህ ጊዜ የፊተኛውን ደብዳቤ እንዳለ መልሰው ይልካሉ፤ በውስጡ ያሉት ቀኖች ግን አልፈዋል ወይም ሊያልፉ ነው፤ ተቀባዩም እንደገና ሰዓት ፈላጊ ይሆናል። ማስታወሻው ሁለት ዓረፍተ ነገር ሆኖ ሦስት አዲስ ሰዓት ይዞ ይሂድ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ጠዋት ከነበሩ አሁን ሁለቱን ከቀትር በኋላ ማድረግ ይቻላል። ከሁለተኛው በኋላም ዝምታ ከሆነ፣ ዝምታውን እንደ መልስ ተቀብሎ ወደ ሌላ ፋርማሲ መሄድ ይሻላል።

ተቀባዩ በሌላ ሀገር ሲኖር

እኅታችን የቀድሞ አለቃዋን ለምስክርነት ደብዳቤ በአዲስ አበባ ብታነጋግር፣ ሁለት ሰዓት ጐን ለጐን መጻፍ ይኖርባታል፤ የእርስዋንና የእርሳቸውን። ኢትዮጵያ ሰዓቷን በዓመት ውስጥ አትለውጥም፤ አሜሪካ ግን በማርች ሁለተኛው እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ታዛውራለች፤ ስለዚህ በሜሪላንድና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። በሜሪላንድ 10:00 AM የሆነው በኦክቶበር በአዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን፣ በኖቬምበር አጋማሽ 12 ሰዓት ይሆናል፤ የመጀመሪያው ከቢሮ ሳይወጡ ያገኛቸዋል፣ ሁለተኛው በመንገድ ላይ። ለእርሳቸው በሚጻፈው ደብዳቤ ረጅሙ ሰላምታና የቤተ ሰብ ጥየቃ ከስፍራው አይጓደል፤ «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» የሚለው ማዕርግም እንደዚሁ፤ ከሰላምታው በታች ግን ሦስቱ ሰዓትና ሦስቱ ነጥብ እንደ ፊተኛው ይቀመጡ፤ በእኛ አቈጣጠር የተጻፈው ሰዓትም «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» የሚል ቃል ይቅደመው።