ሥራ ሲለቁ ያልተወሰደን የዓመት ፈቃድ በብር እንዴት ያሰላሉ?

በነጌሌ ቦረና፣ በያቤሎ ወይም በሞያሌ በሆቴል፣ በግል ድርጅት ወይም በረድኤት ፕሮጀክት ተቀጥረው የሚሠሩ ከሆነ፣ ሥራ ሲለቁ ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይከፈልዎታል። አሠሪና ሠራተኛ ሥራው እየቀጠለ ፈቃድን በብር እንዲለውጡ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይፈቅድም። ውሉ ሲቋረጥ ግን ያልተወሰደው ፈቃድ መከፈል አለበት፤ በራስ ፈቃድ መልቀቅም ይህን መብት አያስቀርም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ ይህ ስሌት እነሱን አይመለከትም።

ከሁሉ በፊት የመልቀቂያ ደብዳቤዎን በትክክል ያስገቡ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ሕጋዊ ምክንያት ጥሎ የሄደ ሰው እስከ 30 ቀን ደመወዙ የሚደርስ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል፤ ያም ከቀሪ ክፍያው ላይ ስለሚነሳ የፈቃዱ ገንዘብ እዚያው ሊያልቅ ይችላል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ቀንና ፊርማ ያስፍርበት።

ቀጥሎ የቀረዎትን ቀን ይቁጠሩ። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ባልሞላ ዓመትም ቢሆን በሠሩት ልክ ይታሰብልዎታል። የሰው ኃይል ክፍሉን የፈቃድ መዝገብ ከራስዎ የፈቃድ ቅጾች ጋር ያነጻጽሩ። ብዙ ጊዜ የሚያጣላው የቆየ ቀሪ ነው፤ ወደ ሌላ ጊዜ የተላለፈ ፈቃድ ከሁለት ዓመት በላይ ሊዘገይ አይገባም። ስለዚህ ፈቃድ ጠይቀው «ሥራ ይበዛል» ተብለው የተመለሱበት ወረቀት ካለዎት አይጣሉት፤ ፈቃዱ ሳይወሰድ የቀረው በአሠሪው ምክንያት መሆኑን የሚያሳይልዎ እሱ ነው።

አሁን የቀን ሒሳቡ ይመጣል። በቆላው ከተሞች ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በየወሩ እጁ የሚገባውን ሁሉ ደምሮ ያካፍላል። አዋጁ የበረሃ አበልን፣ የትራንስፖርት አበልን፣ የውሎ አበልን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያንና የሆቴል ሰርቪስ ቻርጅን ከደመወዝ አይቆጥርም። መነሻዎ ዋናው ደመወዝ ነው። የኅብረት ስምምነት ወይም የቅጥር ውል የተሻለ ነገር ከያዘ ግን እሱን ያስቀድሙ።

ለስንት ይካፈላል? ፈቃዱ የሚቆጠረው በሥራ ቀን ነው። አዋጁም ለፈቃድ የሚያበቃ አገልግሎት ሲለካ 26 የሥራ ቀን እንደ አንድ ወር ይወስዳል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ስለዚህ ደመወዙን ለ26 ማካፈሉ ያስኬዳል። አሠሪው ለ30 ካካፈለ የዕረፍት ቀናትን ጭምር ቆጥሯል ማለት ነው፤ የሥራ ቀንን ፈቃድ በካሌንደር ቀን ዋጋ መክፈል ሒሳቡን ያዛባዋል።

አንዲት የሆቴል ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛን እናስብ። መስከረም 1 ቀን 2014 ተቀጥራ፣ ጥር 30 ቀን 2017 ለቀቀች። ዋና ደመወዟ 7,800 ብር፣ የበረሃ አበሏ 1,500 ብር ነው። ሦስተኛ ዓመቷን ስትጨርስ 17 ቀን ነበራት፤ 10ሩን ወስዳ 7 ቀሯት። በአራተኛው ዓመት ለሠራችው 5 ወር ደግሞ 17ን በ5 አባዝተን ለ12 ስናካፍል 7.08 ቀን ይመጣል። የቀን ደመወዟ 7,800 ለ26 ሲካፈል 300 ብር ነው። ለ7ቱ ቀን 2,100፣ ለአምስቱ ወር 2,125፣ በጠቅላላው 4,225 ብር ይደርሳታል። አሠሪዋ ለ30 ቢያካፍል የቀን ዋጋው 260 ይሆንና ወደ 3,662 ብር ይወርዳል፤ 563 ብር ያህል ታጣለች። ይህ ሁሉ ግብር ሳይቀነስ ነው፤ ቅናሹ ለብቻው ተጽፎ እንዲሰጣት ትጠይቅ።

ክፍያው ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ቁልፍ፣ ሞተር ሳይክል ወይም ያልተወራረደ ሒሳብ በእጅዎ ካለ ግን መዘግየቱ በእርስዎ ይሳበባል። ስለዚህ ክሊራንሱን ቶሎ ጨርሰው ያስረከቡበትን ደረሰኝ በቀኑ ይያዙ። አሠሪው ልኩን ቢከራከር እንኳ ያመነበትን ያህል በወቅቱ መክፈል ይጠበቅበታል። ያን ሲቀበሉ «ሙሉ ሒሳቤን ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ዝም ብለው አይፈርሙ፤ የተቀበሉትን መጠን ጽፈው ቀሪው በክርክር ላይ መሆኑን ከፊርማዎ በላይ ያስፍሩ።

7ቱ ቀን ካለፈ የስሌቱን ዝርዝር የያዘ ጥያቄ በጽሑፍ ያስገቡ። ያም ካልሠራ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊፈረድበት ይችላል። «የፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲለቀቅ ይከፈልሃል» እየተባለ የሚገፋው ጊዜ ግን እርስዎን ነው የሚጎዳው፤ ከውሉ መቋረጥ የሚመጣ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበበት በይርጋ ይታገዳል።