በአያቴ ስም የምትጠራኝን አለቃዬን እንዴት ላርማት?

«ለአምዱ አዘጋጅ፦ ዕድሜዬ 47 ነው። በዲቪ አሜሪካ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የምኖረው አትላንታ አካባቢ ነው። የነርስ ረዳትነት ኮርስ ጨርሼ ፈተናውን ካለፍኩ በኋላ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቀጠርኩ። ሦስት ሳምንቴ ነው። አለቃዬ በዕድሜ የምታንሰኝ ነርስ ናት። «ሚስ ገብረማርያም» ብላ ትጠራኛለች። ገብረማርያም አያቴ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ያንኑ አሳጥረው «ጌብ» ይሉኝ ጀመር። ባጄ ላይም የተጻፈው ገብረማርያም ነው። አንዳንዴ እኔን መጥራታቸው መሆኑ ሳይገባኝ ዝም እላለሁ። አገር ቤት በዕድሜ የሚያንሱኝ «እትዬ ጽጌ» ነበር የሚሉኝ። ባለቤቴ «እንጀራሽን ያዢ፣ በስም ምክንያት ከሰው አትጣዪ» ይለኛል። ልናገር ወይስ ልተወው? ከተናገርኩስ ምን ብዬ?» — ጽጌ (ስሟ ተቀይሯል)

ውድ ጽጌ፣ ይናገሩ። በዚሁ ሳምንት፣ ለአለቃዎ፣ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። የባለቤትዎ ስጋት ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሰው አዲስ ሥራ ላይ ሲሆን ዝም ማለት ይሻላል የሚለውም ምክር መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን ምክሩ ስምን መናገር ቅሬታ ማቅረብ ነው ከሚል ግምት የተነሣ ነው። የኔ ሐሳብ ከዚህ ይለያል። ስምዎ እንደ ስልክ ቁጥርዎ ሁሉ መሥሪያ ቤቱ በትክክል ሊያውቀው የሚገባ የሥራ መረጃ ነው። ቅሬታ የሚመስለው ወራት ካለፉና ልብዎ ከቆሰለ በኋላ ሲነገር ነው። ዛሬ ቢነገር ግን መረጃ ብቻ ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው ማስረጃ እርስዎ ራስዎ የተማሩት ነገር ነው። በነርስ ረዳትነት ኮርስ ውስጥ አንድ ነዋሪ አዲስ ሲገባ ምን ተብሎ መጠራት እንደሚፈልግ መጠየቅ እንዳለብዎ ተነግሮዎታል። አንዲት የ85 ዓመት እናት «ሃኒ» ወይም «ስዊቲ» መባል የለባቸውም፤ በመረጡት ስም መጠራት አለባቸው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት መንከባከቢያዎችን የሚቆጣጠርበት መመሪያም ይህን ከነዋሪው ክብር ጋር አያይዞ ያነሣዋል። እንግዲህ እርስዎ የሚሠሩበት ቤት ሰውን በመረጠው ስም መጥራትን እንግዳ ነገር አያደርገውም፤ በየቀኑ የሚሠራበት ደንብ ነው። እርስዎ ነዋሪዎቹን የሚጠይቁትን ጥያቄ አለቃዎ እርስዎን አልጠየቀችም፤ ስለዚህ ሳትጠይቅ መልሱን ይስጧት።

ከመናገርዎ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ አለቃዎ ያከበረችዎ ይመስለኛል። ፓስፖርታችን ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው መስመር ብዙውን ጊዜ የሚገባው የአያት ስም ነው። ከፓስፖርቱ ወደ ቪዛው፣ ከቪዛው ወደ ግሪን ካርዱና ወደ ሶሻል ሴኩሪቲው፣ ከዚያም ወደ ቀጣሪዎ ኮምፒውተር ይገለበጣል። በአሜሪካ ልማድ ደግሞ ማዕረግ የሚቀመጠው ከቤተሰብ ስም ፊት ነው። ስለዚህ «ሚስ ገብረማርያም» ስትል በዕድሜ የምትበልጣትን ሴት በሙሉ አክብሮት የጠራች መስሏታል። በእኛ ልማድ ግን ማዕረጉ ከራስ ስም ጋር ይሄዳል፤ ወይዘሮ ጽጌ እንላለን እንጂ በአያት ስም ወይዘሮ አንልም። ሁለቱም ወገን አክባሪ ሆኖ ሳለ አንዱ በሌላው ቤት ትርጉሙን አጥቷል። ይህን ካወቁ ድምፅዎ ላይ ቁጣ አይኖርም። ካላወቁ ግን የትኛውም ጨዋ ቃል ከውስጥ ያለውን ምሬት አይሸፍነውም።

ልማዳችን ለፈረንጅ ያስቸግራል እንዳይሉ አንድ የታወቀ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅትን የሚመሩት ቴድሮስ አድኃኖም በድርጅቱ መግለጫዎች ውስጥ የሚጠሩት «ዶክተር ቴድሮስ» ተብለው ነው፤ ማዕረጉ ከራሳቸው ስም ጋር ተቀምጧል። ጄኔቭ ያለ ግዙፍ ተቋም፣ ከዓለም ዙሪያ የመጣ ጋዜጠኛም ይህንኑ ተቀብሎ ይጠራቸዋል። የአውሮፓ አገር የሆነችው አይስላንድም ብትሆን ሰውን፣ ባለሥልጣንም ቢሆን፣ በራሱ ስም ነው የምትጠራው። ሰዎች ሲነገራቸው ይለምዳሉ። ካልተነገራቸው ግን ፎርም ላይ ያዩትን ይዘው ይቀጥላሉ።

አሁን ወደ አነጋገሩ። ቦታው ሰው ፊት አይሁን፤ የፈረቃ ርክክብ ላይ ሰው ተሰብስቦ ሳለ አለቃን ማረም በየትኛውም አገር አይወደድም። ርክክቡ አልቆ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ ፈገግ ብለው «ባይ ዘ ዌይ፣ አይ ጎ ባይ ጽጌ» ይበሏት። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚጠሩበትን ስም የሚያስታውቁት በዚህ አባባል ነው። «ስሜን ተሳስተሻል» የሚል ነገር ስለሌለበት ማንንም አያሳፍርም። ቀጥለው «ገብረማርያም አያቴ ናቸው» ይበሉና እዚያው ላይ ያቁሙ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ስለ ኢትዮጵያ ስም አወጣጥ ገለጻ እንጀምራለን፣ በመጨረሻም «ግን ችግር የለም፣ እንደተመቸሽ» ብለን የተናገርነውን እናፈርሰዋለን። «እንደተመቸሽ» ካሉ አለቃዎ የሚመቻትን ትይዛለች፤ የሚመቻት ደግሞ የለመደችው ነው።

ክብሩስ የሚሉ ከሆነ፣ እርስዎ ያሉበት አካባቢ የሚያግዝ ልማድ አለው። በአሜሪካ ደቡብ፣ ጆርጂያን ጨምሮ፣ በዕድሜ የምትበልጥን ሴት «ሚስ» ብሎ ከራሷ ስም ጋር መጥራት የቆየ የአክብሮት አጠራር ነው፤ በመንከባከቢያዎችና በሕፃናት ማቆያዎችም ይዘወተራል። ይህ «ሚስ» ያገባች ያላገባች የሚለውን አይጠይቅም፤ ባለትዳርም አያትም ይባሉበታል። ስለዚህ «ሚስ ጽጌ ብትይኝ ደስ ይለኛል» ማለት ይችላሉ፤ ለ«እትዬ ጽጌ» ከዚህ የቀረበ እዚያ አገር አያገኙም። አለቃዎ ሌሎቹን ሁሉ በስማቸው ብቻ የምትጠራ ከሆነ ግን ማዕረጉን አይጠይቁ፤ እርስዎን ብቻ ከጓዶችዎ ይለያል። «ጽ»ን በተመለከተ ደግሞ ድምፁ በእንግሊዝኛ ስለሌለ አለቃዎ «ሲጌ» ልትልዎ ትችላለች። እሷ እስከ ምን ድረስ ብትቀርብ እንደሚበቃዎ አስቀድመው ይወስኑ። ሁለት ጊዜ ቀስ ብለው ይጥሩላት፤ ከሞከረች ይቀበሏት። ስምዎን ማወቋ አንድ ነገር ነው፣ ምላሷ መታዘዙ ሌላ ነው፤ እኔ የምሟገተው ለመጀመሪያው ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ሰው ኃይል ክፍሉ ይሂዱና «ፕሪፈርድ ኔም» መመዝገብ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙ ቀጣሪዎች ባጅ፣ የፈረቃ ሰሌዳና ኢሜይል ላይ የሚታየውን ስም የሚቀይሩበት ቦታ አላቸው፤ ባጁ በፈቃድ ላይ ያለውን ሙሉ ስም እንዲይዝ የሚያስገድድ ቤትም ስላለ መልሱን ሰምተው ይቀበሉ። የማይነካው ግን ሕጋዊው ስም ነው። ደመወዝዎ፣ የግብር ወረቀትዎና የነርስ ረዳትነት ምዝገባዎ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድዎ ላይ እንዳለው ይቆዩ። ሶሻል ሴኩሪቲ የሠሩትን ገንዘብ ለጡረታዎ የሚመዘግበው ስምና ቁጥርን አመሳስሎ ነውና ሁለቱ ካልተጣጣሙ ጣጣ ይመጣል። ከለውጡ በኋላ የመጀመሪያው የደመወዝ ወረቀትዎ ሲደርስዎ ስሙን ይመልከቱ፤ መጠሪያው ሕጋዊውን ተክቶ ከገባ ዕለቱኑ ያሳውቁ።

«ሦስት ሳምንት ዝም ብዬ አሁን ብናገር እስካሁን የት ነበርሽ አይሉኝም?» ይሉ ይሆናል። ይሉኝታው ይገባኛል። ሆኖም ሦስት ሳምንት አጭር ነው፤ አለቃዎ ገና ስሞችን እየያዘች ነው። በየሳምንቱ ግን «ጌብ» የሚል ሰው ይጨምራል፤ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የሚሰማውን ይቀዳል። ዛሬ አንድ ሰው ማረም የሚበቃው ነገር በዓመቱ ፎቁን ሁሉ ማረም ይሆናል። ስለዘገዩበትም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ «ቀደም ብዬ ልነግርሽ ሲገባኝ» ካሉ ይበቃል።

ሌላው መቃወሚያ «ቀለል ያለ የፈረንጅ ስም ብይዝ ለሥራዬ አይጠቅመኝም?» የሚለው ነው። እርስዎ ወደው ከመረጡት ምንም ነውር የለበትም። ሌላ ሰው ሲመርጥልዎ ግን ነገሩ ይለያል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት የፈረደው አንድ ጉዳይ አለ። የድርጅቱ ኃላፊ አረባዊ ስም ያለውን ሠራተኛ፣ ለደንበኞች ይስማማል፣ ለእድገቱም ይበጀዋል ብሎ «ማኒ»፣ ኋላም «ሃንክ» ይለው ነበር። ሠራተኛው ደጋግሞ ቢቃወምም አልተወም። ጁሪው ለሠራተኛው ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ይህን የምነግርዎ አለቃዎን እንዲያስፈራሩበት አይደለም፤ የእርስዎ ጉዳይ ከዚያ እጅግ የራቀ ነው። ልብ ያልኩት ሠራተኛው በግልጽ መቃወሙን ነው። ተናግረው የማያውቁትን ነገር ማንም እንደማይፈልጉት ሊያውቅ አይችልም፤ ፍርድ ቤትም ቢሆን።

ከነገሯት በኋላ በስህተት «ገብረማርያም» ብትል አይቀየሙ፤ ልማድ ወዲያው አይለቅም። «ጽጌ» ብለው ብቻ ወደ ሥራዎ ይቀጥሉ። ሁለት ሳምንት አልፎም ካልተለወጠ የነገሯትን በሁለት መስመር ኢሜይል ይጻፉላት፤ «ባለፈው እንደነገርኩሽ ጽጌ ብትዪኝ ደስ ይለኛል፣ ሰሌዳው ላይም እንዲሁ ቢጻፍ» ብለው። ጓደኞችዎን ደግሞ «ጌብ» ባሉ ቁጥር በቀልድ ሳያልፉ ያርሟቸው፤ እየሳቁ የተቀበሉትን ስም ወደውታል ብለው ያምናሉ። እግረ መንገድዎንም አለቃዎን እሷስ ምን ተብላ መጠራት እንደምትወድ ይጠይቋት። የዕድሜዋን ማነስ አይተው በስሟ ጠርተዋት ይሆናል፤ እሷም ሌላ ትመርጥ ይሆናል።

ነዋሪዎቹ ጋ ሲደርሱ ግን ደንቡ ይለወጣል። ሐሳባቸው የተስተካከለ ነዋሪዎችን አንድ ጊዜ ይንገሯቸው፤ ይደሰታሉ እንጂ አይከፋቸውም። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋዊ በእኅታቸው ወይም በልጃቸው ስም ቢጠሩዎ ግን አያርሟቸው። ማረሙ ያስደነግጣቸዋል፣ ነገም አያስታውሱትም። «አቤት» ይበሉና የሚፈልጉትን ያድርጉላቸው።