ስንት ኮንትራት ይሸጥ? የቡና ሄጅ ስሌት፣ የዳባት ስንዴስ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ነገር አለ፦ «ኒው ዮርክ ወረደ፣ ኒው ዮርክ ወጣ ትለናለህ፤ ቡና መጋዘን ያለው ሰው በዚያ ገበያ ራሱን ይከላከል ቢባል ስንት ኮንትራት ነው የሚሸጠው?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የሚመልሰው ግን በግምት ነው፦ «ያለህን ቡና ያህል ሽጥ» ብሎ። ዛሬ ይሄ መልስ ለምን እንደሚያስከፍል በቁጥር እናየዋለን።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የእኛው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ (ኢሲኤክስ) በ2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር ጀምሮ የሚያገበያየው በእጅ ያለ፣ መጋዘን የገባ ምርት ነው። ከሦስት ወር በኋላ የሚረከቡትን ቡና ዋጋ ዛሬ የሚቆርጡበት ፊውቸርስ እዚያ የለም። ስለዚህ የቡና ሰው ዓይኑን የሚጥለው ኒው ዮርክ ላይ ነው፤ «ሲ» የሚባለው የአረቢካ ውል። የአንዱ ኮንትራት መጠን 37,500 ፓውንድ ነው፤ ዋጋው የሚነገረው በፓውንድ በሳንቲም ነው፤ አንድ ሳንቲም ሲንቀሳቀስ በአንድ ኮንትራት 375 ዶላር ይመጣል ወይ ይሄዳል ማለት ነው። በእኛ መስፈሪያ ካሰባችሁት ደግሞ ይገርማል፦ 37,500 ፓውንድ ወደ 17,010 ኪሎ ነው፣ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ ስለዚህ አንድ ኮንትራት ልክ 1,000 ፈረሱላ ገደማ ነው። ለማስታወስ ከዚህ የቀለለ የለም።

አሁን ወደ ምሳሌያችን። አንድ ላኪ አምስት ኮንቴይነር የታጠበ ቡና መጋዘን አለው እንበል፤ ገና አልሸጠውም። አንዱ ኮንቴይነር 320 ጆንያ፣ ጆንያው 60 ኪሎ፣ ሲደመር 96,000 ኪሎ ወይም 211,644 ፓውንድ። ለ37,500 ሲካፈል 5.64 ይመጣል። በግምት የሚሠራው ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ስድስት ኮንትራት ሽጥ» ይላል።

ችግሩ ምንድን ነው? የኒው ዮርኩ ዋጋ የእኛ ቡና ዋጋ አይደለም። የኢትዮጵያ ቡና ለዚያ ውል ማስረከቢያ ከተፈቀዱት አገሮች ዝርዝር ውስጥ እንኳ የለም። የእኛ ቡና የራሱ ገዢ፣ የራሱ ጥራት፣ የራሱ ወቅት አለው። ኒው ዮርክ በብራዚል ውርጭ ዜና 10 ሳንቲም ሲዘል የእኛ ምናልባት 7 ይወጣል፤ ሌላ ሳምንት ደግሞ ኒው ዮርክ 4 ሲወጣ የእኛ 5 ይወጣል። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ቡና አለኝ» ብቻ አይደለም፤ «ኒው ዮርክ በአንድ ሳንቲም ሲንቀሳቀስ የእኔ ዋጋ በአማካይ በስንት ይንቀሳቀሳል» የሚለው ነው። ይሄ ነው ሄጅ ሬሾ የሚባለው። የጠቅላላው መዋዠቅ (ቫሪያንሱ) ትንሹ ላይ የሚደርስበት ሬሾ ቀመሩ እንዲህ ነው፦

h = ρ × (σS / σF)

σS የእኛ ዋጋ ለውጥ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ነው፣ σF የፊውቸርሱ፣ ρ ደግሞ ሁለቱ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚነግረን ኮሪሌሽን ነው። ኮሪሌሽኑ ከፍተኛ ቢሆንም የእኛ ዋጋ እርምጃው አጭር ከሆነ ሬሾው ከአንድ በታች ይወርዳል። ሰው የሚረሳው ይቺን ነው።

በቁጥር እንሥራው። ከታች ያሉት ስድስት ሳምንታት ለትምህርት ብዬ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፣ የገበያ መረጃ አይደሉም። ሁሉም የሳምንት ለውጥ ነው፣ በሳንቲም በፓውንድ።

ኒው ዮርክ፦ +10፣ −6፣ +4፣ −12፣ +8፣ −4
የእኛ ቡና፦ +7፣ −2፣ +5፣ −8፣ +3፣ −5

የሁለቱም ድምር ዜሮ ስለሆነ አማካይ መቀነስ አያስፈልገንም። እያንዳንዱን ጥንድ አባዝታችሁ ደምሩ፦ 70 + 12 + 20 + 96 + 24 + 20 = 242። የኒው ዮርክን ለውጦች በራሳቸው አባዝታችሁ ደምሩ፦ 376። ሬሾው 242 ሲካፈል ለ376፣ ማለትም 0.64 ነው። የእኛን ለውጦች በራሳቸው አባዝታችሁ ብትደምሩ 176 ይመጣል፤ ከዚያ ኮሪሌሽኑ 0.94 ሆኖ ይወጣል። ኤክሴል የምትጠቀሙ ከሆነ ኒው ዮርክን በ A፣ የእኛን በ B አምድ አድርጋችሁ፦

```
=SLOPE(B2:B7,A2:A7)
=RSQ(B2:B7,A2:A7)
```

የመጀመሪያው ሬሾውን ይሰጣል። ሁለተኛው የኮሪሌሽኑ ካሬ ነው፣ 0.88 ገደማ፤ ሄጁ ቢበዛ ከመዋዠቁ ስንት እጁን እንደሚያጠፋ የሚነግረው እሱ ነው። አምዶቹን ካገላበጣችሁ ሌላ ቁጥር ይወጣል፣ ተጠንቀቁ።

የኮንትራት ብዛት፦ 0.64 ሲባዛ በ5.64፣ ወደ 3.6 ነው። ግማሽ ኮንትራት የሚሸጥ የለምና ወይ 3 ወይ 4። የትኛው? ሁለቱንም በስድስቱ ሳምንታት ላይ ሞክሯቸው። ያለ ሄጅ የለውጦቹ ካሬ ድምር 176 ነበር። በ4 ኮንትራት ወደ 22 ይወርዳል፣ በ3 ኮንትራት ወደ 25። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ገንዘቡ የሚያጥረው ሰው ሦስቱን ቢመርጥ አልፈርድበትም። በ6 ኮንትራትስ? 86 ይሆናል። ማለትም «ያለህን ያህል ሽጥ» የሚለው ምክር የአደጋውን ግማሽ እዚያው ይተወዋል፣ በዛ ላይ ለሁለት ተጨማሪ ኮንትራት ታስይዛላችሁ።

እሺ፣ ዋጋው ቢወጣስ? ኒው ዮርክ 20 ሳንቲም ወጣ፣ የእኛ 13 ወጣ እንበል። ቡናው ወደ 27,500 ዶላር ጨመረ። አራት ኮንትራት የሸጠው 30,000 ይከፍላል፤ የተጣራ ጉዳቱ 2,500 ነው። ስድስት የሸጠው 45,000 ይከፍላል፤ ጉዳቱ 17,500። አንድ ደግሞ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ፦ የፊውቸርሱ ክፍያ በየቀኑ በጥሬ ገንዘብ ይጠየቃል፣ የቡናው ትርፍ ግን መጋዘን ውስጥ በወረቀት ነው ያለው። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2025 ኒው ዮርክ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ ቀድመው የሸጡ ነጋዴዎችን ያስጨነቀው ይሄው ነው። ስሌቱ ትክክል የሆነም ሰው በመሀል ጥሬ ገንዘብ ካለቀበት ኮንትራቱ ይዘጋበታል።

ስሌቱን የሚያበላሹ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በለውጥ ፈንታ በዋጋው ራሱ መሥራት ነው። ሁለት ዋጋዎች ዓመቱን ሙሉ እየጨመሩ ከሄዱ ኮሪሌሽናቸው ከ0.9 በላይ ሊታይ ይችላል፣ በሳምንት በሳምንት ግን አይተዋወቁም። ሁሌም ለውጡን ውሰዱ፤ ስድስት ሳምንትም ለትምህርት እንጂ ለሥራ አይበቃም፣ ቢያንስ የዓመት ያህል መረጃ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ብሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የቡናችሁን ዋጋ በብር መዝግባችሁ ከሆነ ያ ዝላይ የቡና ዋጋ ጭማሪ መስሎ ይገባል፤ ከኒው ዮርክ ጋር ግን ምንም ግንኙነት የለውም። እያንዳንዱን ሳምንት በዚያው ሳምንት ምንዛሪ ወደ ዶላር ቀይሩ። ከዚያ በፊት ያለውን መረጃ ደግሞ ለብቻው አስቀምጡት። ያኔ ዶላር ለማግኘት ሲል ቡናውን በኪሳራ የሚልክ፣ ትርፉን ከሚያስገባው ዕቃ የሚያወጣ ነጋዴ ነበር፤ የአገር ውስጡ ዋጋ የኒው ዮርክን ያህል የዶላር እጥረቱንም ይከተል ነበር። የዚያን ጊዜ ሬሾ ለዛሬ አይሠራም።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ላኪው ቡናውን «የኒው ዮርክ ዋጋ ሲደመር ይሄን ያህል ዲፈረንሻል» ብሎ ከተዋዋለና ዋጋው ገና ካልተቆረጠ፣ የእሱ ዋጋ በውሉ መሠረት ከኒው ዮርክ ጋር ሳንቲም በሳንቲም ይሄዳል። ያኔ 0.64 የሚባል ነገር የለም፤ ሬሾው 1 ነው፣ ብዛቱም 5.64፣ ማለትም 6 ወይም 5። ከ1 በታች የሆነው ሬሾ ገዢ ላላገኘ ቡና ነው። ኮንትራት መሸጥ የማይችለው ላኪ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው በዚሁ ውል ላይ ዋጋውን ከገዢው ጋር በክፍል በክፍል መቁረጥ ነው።

አሁን ወደ ደጃችን እንመለስ። ከዳባትና ከደባርቅ የጻፋችሁልኝ «ለስንዴስ? ቺካጎ አለ አይደል?» ብላችኋል። አለ። አንዱ የቺካጎ ስንዴ ኮንትራት 5,000 ቡሼል ነው፣ ወደ 136 ቶን፣ 1,360 ኩንታል። 50 ኩንታል በሚጭን አይሱዙ ብታስቡት 27 ጊዜ ጭነት ነው። 300 ኩንታል መጋዘን ያስገባ የዳባት ነጋዴ የአንድ ኮንትራት ሩብ እንኳ የለውም።

መጠኑ ይቅርና ሬሾው ራሱ አያስኬድም። የዳባት ስንዴ ዋጋ ኅዳርና ታኅሣሥ አውድማው ሲወጣ ይወርዳል፣ ክረምት ላይ ጎተራው ሲመናመን ይወጣል፤ ወደ ጎንደር ያለው መንገድ ወይ ሊማሊሞ ሲዘጋ በአንድ ሳምንት ይገለባበጣል፤ የእርዳታ ስንዴ ሲገባ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ። ከነዚህ አንዱንም ቺካጎ አያውቀውም። ኮሪሌሽኑ 0.2 ቢሆን እንኳ ካሬው 0.04 ነው፤ ምርጥ የተባለው ሄጅ ከመዋዠቁ 4 በመቶ ብቻ ይቀንሳል፣ የተቀረው 96 በመቶ እናንተው ጋ ይቀራል። በዚያ ላይ የማስያዣው ዶላር አለ። ስለዚህ ለዳባት ስንዴ የስሌቱ መልስ ዜሮ ኮንትራት ነው። ገብስና ባቄላ ላይማ መሞከሩም ትርፍ ድካም ነው።

እዚህ አካባቢ የማየው መከላከያ ሌላ ነው፦ ሲሶውን ታኅሣሥ ላይ ለወፍጮ ቤት መሸጥ፣ ሲሶውን የካቲት፣ የቀረውን ከክረምት በፊት መንገዱ ሳይበላሽ። የትኛው ወር ላይ ስንቱን ማውጣት እንደሚሻል ለማወቅ የራሳችሁን የሦስት አራት ዓመት የቅዳሜ ገበያ ዋጋ ደብተር ይዛችሁ ከላይ ያለውን የሳምንት ለውጥ አምድ ሙሉት፤ ቺካጎን ተዉትና በእሱ ቦታ የጎንደርን ዋጋ አስገቡ። ዳባት ጎንደርን በስንት እንደሚከተል ያሳያችኋል፣ መንገድ የተዘጋባቸውን ሳምንታት ለብቻ ብታወጧቸው ደግሞ ይበልጥ ይታያችኋል።